ግሬፕፍሩት ለሚወድ ሰው የትኛው የኮሌስትሮል፣ የትኛውስ የግፊት ኪኒን ይሻላል?

አዳማ ላይ ወቅቱ ሲደርስ ግሬፕፍሩት ከአዋሽ ሸለቆ እርሻዎች ከብርቱካኑና ከመንደሪኑ ጋር አብሮ ይገባል። በሙቀቱ ሰዓት ከስፕሪስ ይልቅ ቀለል ያለ ነገር የሚፈልግ ሰው የግሬፕፍሩት ጭማቂ ያዝዛል፤ በተለይ ሐኪም «ስኳርና ስብ ቀንስ» ያለው ሰው። ችግሩ የሚጀምረውም እዚሁ ላይ ነው። እንዲህ የተባለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የኮሌስትሮል ወይም የደም ግፊት ኪኒን ተይዞለታል፤ ከእነዚህ ኪኒኖች አንዳንዶቹ ደግሞ ከግሬፕፍሩት ጋር ሲገናኙ በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ሚሊ ግራም ሌላ ቁጥር ይሆናል።

ምርጫው ሁለት ነው፤ ወይ ፍሬውን መተው፣ ወይ ከሐኪም ጋር ተመካክሮ ኪኒኑን መቀየር። ብዙ ሰው የሚሞክራቸው ሌሎች ሁለት መንገዶች አሉ፤ ሰዓት ማራራቅና ኪኒኑን ለሁለት ከፍሎ መዋጥ። እነሱ ለምን እንደማያዋጡ ከታች እናየዋለን።

ኪኒኑ የሚባክነው የት ነው?

በአፍ የተዋጠ መድኃኒት ደም ዝውውር ውስጥ ሳይገባ ሁለት ቦታ ይቀነስበታል። መጀመሪያ በትንሹ አንጀት ግድግዳ ሕዋሳት ውስጥ ያልፋል፤ ከዚያ የሚወጣው ደም በቀጥታ ወደ ጉበት ይሄዳል። በሁለቱም ቦታ ሲዋይፒ 3ኤ4 የሚባል ኢንዛይም ተቀምጧል። ሥራው ከውጭ የገባን ኬሚካል ሰባብሮ እንዲወገድ ማዘጋጀት ነው። መድኃኒት የሚሠሩ ሰዎች ይህን ብክነት አስቀድመው ያሰሉታል፤ የኪኒኑ መጠን የሚወሰነው የሚባክነው ታስቦበት ነው።

ግሬፕፍሩት ውስጥ ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ውሕዶች አሉ፤ ዋናዎቹ በርጋሞቲንና ከእሱ የሚገኘው ዳይሃይድሮክሲበርጋሞቲን ናቸው። ኢንዛይሙ እነዚህንም እንደ ማንኛውም ባዕድ ነገር ሊሰብራቸው ይይዛቸዋል። ሲሰብራቸው ግን የሚፈጠረው ቁራጭ ከራሱ ከኢንዛይሙ ጋር ተጣብቆ ይቀራል፤ ጓጉንቸር ውስጥ ተሰብሮ እንደቀረ ቁልፍ ነው። ያ ኢንዛይም ከዚያ በኋላ አይሠራም። ሰውነት ሊያደርግ የሚችለው አዲስ ኢንዛይም መሥራት ብቻ ነው፤ ይህም ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይፈጃል።

«ግሬፕፍሩት የጉበት ኢንዛይም ያውካል» ሲባል ይሰማል። ኢንዛይሙ ጉበት ውስጥ በብዛት ስላለ አባባሉ ከየት እንደመጣ ይገባል፤ በአንድ ብርጭቆ ጭማቂ የሚጠቃው ግን በዋናነት የአንጀቱ ነው። ያው መድኃኒት በደም ሥር በመርፌ ሲሰጥ ጭማቂው ለውጥ የማያመጣው ለዚህ ነው። የጉበቱም ኢንዛይም መነካት የሚጀምረው ሰው ጭማቂውን በብዛትና ደጋግሞ ሲጠጣ ነው።

ነገሩ የተገኘው በአጋጣሚ ነበር። ካናዳ ውስጥ ዴቪድ ቤይሊና ባልደረቦቹ ፌሎዲፒን የተባለ የግፊት መድኃኒት ከአልኮል ጋር ምን እንደሚያደርግ ሲፈትሹ የአልኮሉን ጣዕም ለመሸፈን ግሬፕፍሩት ጭማቂ ተጠቀሙ። ደም ውስጥ የተገኘው መድኃኒት ከተጠበቀው እጅግ በለጠ፤ ጥፋተኛው ደግሞ አልኮሉ ሳይሆን መሸፈኛው ሆኖ ተገኘ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1989 ታተመ፤ ጭማቂው ለብቻው ይህን እንደሚያደርግ ያረጋገጠው ጥናት በ1991 ተከተለ።

ከዚህ ሁለት ጥያቄ ይወጣል፤ ማንኛውንም ኪኒን ለማወዳደር እነዚህ ይበቃሉ። አንደኛ፣ ይህን መድኃኒት የሚሰብረው ሲዋይፒ 3ኤ4 ነው ወይ? ካልሆነ ግሬፕፍሩት በዚህ መንገድ አይነካውም። ሁለተኛ፣ ከተዋጠው ውስጥ በተለምዶ ስንት በመቶው ደም ዝውውር ይደርሳል? 100ን ለዚያ ቁጥር ማካፈል መድኃኒቱ ሳይባክን ቢቀር እስከ ስንት እጥፍ ሊጨምር እንደሚችል ያሳያል። ከፌሎዲፒን 15 በመቶ ገደማ ይደርሳል፤ ስለዚህ ጣሪያው ወደ 7 እጥፍ ይጠጋል። ከአምሎዲፒን ቢያንስ 64 በመቶው ስለሚደርስ ብክነቱ ሙሉ በሙሉ ቢቀር እንኳ ከ1.6 እጥፍ አያልፍም። ጣሪያው ሊሆን የሚችለውን ይናገራል እንጂ የሚሆነውን አይደለም፤ ጉበቱ የራሱን ድርሻ መቀነሱን ይቀጥላልና። ቢሆንም የትኛውን ኪኒን መፍራት እንዳለብን በፍጥነት ይለይልናል።

የኮሌስትሮል ኪኒኖች፤ ልዩነቱ የሚሰፋው እዚህ ነው

ስማቸው በ«ስታቲን» የሚያልቁት ሁሉ አንድ ሥራ ስለሚሠሩ ሰው አንድ ዓይነት ይመስሉታል። ከግሬፕፍሩት አንጻር ግን ሦስት ቦታ ይከፈላሉ።

ሲምቫስታቲን ከሁሉም የከፋው ነው። የሚሰብረው ሲዋይፒ 3ኤ4 ነው፤ በሚሠራ መልኩ ደም ዝውውር የሚደርሰውም ከ5 በመቶ በታች ነው። ፊንላንድ ውስጥ በተደረገ ጥናት በቀን አንድ ብርጭቆ፣ ማለትም 200 ሚሊ ሊትር ተራ ጭማቂ፣ ለሦስት ቀን መጠጣት ደም ውስጥ ያለውን ሲምቫስታቲን 3.6 እጥፍ አደረገው። ይህንን ወደ ኪኒን ብንመልሰው 40 ሚሊ ግራም የዋጠ ሰው 144 ሚሊ ግራም እንደዋጠ ይሆናል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2011 የ80 ሚሊ ግራሙን ኪኒን እንኳ ጡንቻ ስለሚጎዳ ለአዲስ ታካሚ እንዳይጀመር አግዷል። 144 ማለት ከዚያም በላይ ነው፤ ሰውየው ግን ያደረገው ነገር ምሳው ላይ ጭማቂ መጠጣት ብቻ ነው። ሎቫስታቲን የሚባለውም የዚሁ ዓይነት ነው፤ ለሲምቫስታቲን የተባለው ሁሉ ይመለከተዋል።

አቶርቫስታቲን መሐል ላይ ነው። ያው ኢንዛይም ይሰብረዋል፤ ነገር ግን በቀን አንድ ብርጭቆ፣ 240 ሚሊ ሊትር ያህል፣ የሚጨምረው 37 በመቶ ብቻ ነው። 20 ሚሊ ግራም የዋጠ ሰው 27 ሚሊ ግራም እንደዋጠ ማለት ነው፤ መድኃኒቱ እስከ 80 ሚሊ ግራም ስለሚታዘዝ ይህ ጭማሪ በአብዛኛው ሰው ላይ አያስፈራም። በቀን ከአንድ ሊትር በላይ የሚጠጣ ሰው ግን ሁለት እጥፍና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል። 80 ሚሊ ግራም የታዘዘለት ሰውም የሚጨመርበት ቦታ የለውም፤ እሱ ፍሬውን መተው አለበት።

ሮሱቫስታቲንና ፕራቫስታቲን ከዚህ ጣጣ ውጭ ናቸው። ከሮሱቫስታቲንም ደም የሚደርሰው 20 በመቶ ገደማ ነው፤ በሁለተኛው ጥያቄ ብቻ ብንፈርድ አደገኛ በመሰለን ነበር። የመጀመሪያው ጥያቄ ግን ነጻ ያወጣዋል፤ ሲዋይፒ 3ኤ4 በእሱ ላይ ይህ ነው የሚባል ሥራ የለውም። ሮሱቫስታቲን የራሱ ሁለት ጥንቃቄዎች አሉት። ኩላሊቱ በጣም የደከመ ሰው በ5 ሚሊ ግራም ጀምሮ ከ10 ማለፍ የለበትም፤ አሉሚኒየምና ማግኒዥየም ያለበት የጨጓራ ማስታገሻ የሚወስድ ደግሞ ሮሱቫስታቲኑን ከዋጠ ሁለት ሰዓት በኋላ ይውሰደው። ኩላሊት ለደከመበት ሰው አቶርቫስታቲን መጠኑ መቀነስ ስለማያስፈልገው ብዙ ጊዜ እሱ ይቀላል።

የግፊት ኪኒኖች

እዚህ ጉዳዩ ያጥራል። ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ በዚህ ኢንዛይም ስለማይሰበሩ ግሬፕፍሩት አይመለከታቸውም። ጥያቄው ስማቸው በ«ዲፒን» የሚያልቁት ላይ ነው።

ፌሎዲፒን ከግሬፕፍሩት ጋር በፍጹም አይሄድም፤ አማካዩ ሁለትና ሦስት እጥፍ ሲሆን አንዳንድ ሰው ላይ ከዚያ በእጅጉ ይበልጣል። ኒፌዲፒን እስከ ሁለት እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ግፊቱ ከሚገባው በላይ ስለሚወርድ ምልክቱ ሲነሱ ዓይን ጭልም ጭልም ማለት፣ ራስ ምታት፣ የፊት መሞቅና መቅላት፣ የልብ ቶሎ ቶሎ መምታት ነው። የአዳማ ሙቀትና ላብ ራሱ ግፊት ስለሚያወርድ ሰው «ፀሐዩ ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ ጭማቂውን ግን አይጠረጥርም።

አምሎዲፒን ቀድሞም ብዙው ስለሚደርስ ለውጡ ትንሽ ነው። 240 ሚሊ ሊትር ጭማቂ ከ10 ሚሊ ግራም አምሎዲፒን ጋር በጤነኛ ሰዎች ሲሞከር ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። አንዳንድ አምራቾች ግን በወረቀታቸው ላይ «ከግሬፕፍሩት ጋር አይወሰድ» ብለው ይጽፋሉ። ከተገኘው ውጤት አንጻር ጥንቃቄው የበዛ ይመስላል፤ ቢሆንም ሲነሳ የሚያዞረው ሰው ወይም በዕድሜ የገፋ ሰው ቢያከብረው አይከፋም። ኒፌዲፒን የሚውጥና ግሬፕፍሩት መተው የማይፈልግ ሰው ለሐኪሙ የሚያቀርበው ጥያቄ እንግዲህ ግልጽ ነው፤ «ወደ አምሎዲፒን መቀየር ይቻላል ወይ?»

ሰዓት ማራራቅና ለሁለት መክፈል

«ጭማቂውን ጠዋት፣ ኪኒኑን ማታ» የሚለው ምክር በብዙ ቦታ ይሰጣል። ለምን እንደማይበቃ ከአሠራሩ ይታያል። ጭማቂው ጠዋት ያበላሸው ኢንዛይም ማታ ላይ ገና አልተተካም። ሲምቫስታቲን ላይ የተሠራ አንድ ጥናት ይህን በቁጥር ያሳያል። ሰዎቹ በእጥፍ የተወፈረ ጭማቂ በቀን ሦስት ጊዜ ለተከታታይ ቀናት ጠጡ። ኪኒኑ ከጭማቂው ጋር አብሮ ሲወሰድ መጠኑ 13.5 እጥፍ ሆነ፤ የመጨረሻው ጭማቂ ከተጠጣ ከ24 ሰዓት በኋላ ሲወሰድ 2.4 እጥፍ፤ ከሦስት ቀን በኋላ 1.4 እጥፍ። ሙሉ በሙሉ የጠፋው በሰባተኛው ቀን ነው። ሰዎቹ የጠጡት ጭማቂ ተራ ሰው ከሚጠጣው እጅግ የበዛ ነበር፤ በአንድ ብርጭቆ ሦስት ቀን ይበቃል። መራራቅ ጉዳቱን ይቀንሰዋል፤ በየቀኑ ለሚጠጣ ሰው ግን ሦስት ቀን የሚባል ክፍተት የለም።

ኪኒኑን ለሁለት ከፍሎ ከጭማቂ ጋር መዋጥ ደግሞ ከወጪ አንጻር ብልሃት ይመስላል። አደጋው ጭማቂው መጠኑ የማይታወቅ መድኃኒት መሆኑ ነው። የፉራኖኩማሪኑ መጠን ከፍሬ ፍሬ፣ ከዝርያ ዝርያ፣ ከአጨማመቅ አጨማመቅ ይለያያል። የሰውም አንጀት እንዲሁ ነው፤ አንዱ ግድግዳው ላይ ብዙ ኢንዛይም ስላለው ጭማቂው መድኃኒቱን በእጅጉ ይጨምርበታል፤ ሌላው ቀድሞም ትንሽ ስላለው ለውጡን አያየውም። ወቅቱ አልፎ ግሬፕፍሩት ከገበያ ሲጠፋ ደግሞ ያ ሰው ሳያውቀው በግማሽ መድኃኒት ይቀራል።

ኪኒኑን ሳይነኩ ፍሬውን መቀየር

ለብዙ ሰው ቀላሉ መንገድ ይህ ነው። ጣፋጭ ብርቱካንና መንደሪን ይህን ኢንዛይም የሚያበላሽ ፉራኖኩማሪን የላቸውም ማለት ይቻላል፤ በግሬፕፍሩት ምትክ በነጻነት ይገባሉ። የሎሚ ነገር ትንሽ ይለያል። አረንጓዴው ትንሽ ሎሚ ውስጥ በርጋሞቲን ይገኛል፤ ሻይ ወይም ሰላጣ ላይ የምትጨመቀው ግን ለጉዳት አትበቃም። በተቃራኒው ፖሜሎና ማርማላታ የሚሠራበት መራራው ብርቱካን ከግሬፕፍሩት ጋር አንድ ጎራ ናቸው።

ማሸግና ማሞቅ ውሕዶቹን አያጠፋም፤ ብዙዎቹ ጥናቶች የተሠሩት በታሸገ ወይም ቀዝቅዞ በተወፈረ ጭማቂ ነው። ቀዩም ነጩም ያው ነው። ሳይጨመቅ መብላትም አያድንም፤ አንድ ሙሉ ፍሬ ከአንድ ብርጭቆ ጭማቂ ጋር እኩል ይሠራል። ጁስ ቤት ውስጥ ቅይጥ ሲታዘዝ ግሬፕፍሩት ገብቶበት እንደሆነ መጠየቅ ይገባል፤ ከብርቱካን ጋር ሲቀላቀል በጣዕም መለየት ያስቸግራል።

አንድ ሰው እናስላ

የ58 ዓመት ሰው እንውሰድ። ጠዋት አምሎዲፒን 10 ሚሊ ግራም፣ ማታ ሲምቫስታቲን 40 ሚሊ ግራም ይውጣል፤ በየቀኑ ምሳ ላይ 250 ሚሊ ሊትር ግሬፕፍሩት ይጠጣል። ኩላሊቱ ደህና ነው።

ጭማቂውን ሳንቆጥር እንኳ እዚህ ችግር አለ። አምሎዲፒን ራሱ ሲምቫስታቲንን ከፍ ስለሚያደርግ ሁለቱ አብረው ሲታዘዙ ሲምቫስታቲን ከ20 ሚሊ ግራም ማለፍ የለበትም። ሰውየው ቀድሞም ከወሰኑ በላይ ነው፤ ግሬፕፍሩቱ በዚያ ላይ ይጨመራል። ስለዚህ ፍሬውን ዛሬውኑ ያቆማል፤ አምሎዲፒኑን ግን አይነካም። ሲምቫስታቲኑንም በራሱ ፈቃድ አያቋርጥም፤ ጡንቻው ካመመው ግን በዚያው ቀን ለሐኪሙ ይናገራል።

ሐኪሙ ፊት ሦስት መንገድ አለ። ሲምቫስታቲን በ20 እንዲቀጥል ማድረግ አንዱ ነው፤ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ኮሌስትሮሉ ላይ ያለው ኃይል ይቀንሳል፤ ግሬፕፍሩትም እስከመጨረሻው ይቀራል። ሁለተኛው አቶርቫስታቲን 20 ነው፤ ከሲምቫስታቲን 40 ጋር ተቀራራቢ ኃይል አለው፤ አልፎ አልፎ የሚበላ ግማሽ ፍሬንም ይሸከማል። ሦስተኛው ሮሱቫስታቲን 5 ወይም 10 ነው፤ ግሬፕፍሩቱም ይመለስለታል። ለዚህ ሰው እኔ ሮሱቫስታቲንን አስቀድማለሁ፤ በየቀኑ መጠጣት የለመደ ሰው «አልፎ አልፎ» የሚለውን ወሰን ጠብቆ አይዘልቅምና። ሮሱቫስታቲን ፋርማሲ ውስጥ በየወሩ ሳይቋረጥ የማይገኝ ከሆነ ወይም ዋጋው ከከበደው ግን አቶርቫስታቲን ይሻላል፤ የሚቆራረጥ መድኃኒት ከማንኛውም ያነሰ ነው። የትኛውም ቢመረጥ ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ የኮሌስትሮል ምርመራ ይደገማል።

ጉዳት እየደረሰ መሆኑ የሚታወቀው በጡንቻ ነው። ከባድ ሥራ ሳይሠሩ በሁለቱም ጭን፣ በትከሻ ወይም በወገብ ላይ የሚሰማ ሕመምና ድካም፣ ከወንበር ለመነሳት መቸገር፣ ደረጃ መውጣት መክበድ። ሐኪሙ ሲኬ የሚባለውን የጡንቻ ኢንዛይም በደም ምርመራ ያያል። ሽንት እንደ ኮካኮላ ከጠቆረ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ የሚፈርሰው ጡንቻ ኩላሊትን ሊዘጋ ስለሚችል በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መሄድ ነው።

ከእነዚህ ውጭ

አዳማ የወባ አካባቢ ስለሆነች ኮአርቴምን መዝለል አይቻልም። 350 ሚሊ ሊትር ግሬፕፍሩት ጭማቂ በውስጡ ያለውን አርቴሜተር ደም ውስጥ በእጥፍ ገደማ ያሳድገዋል። አብሮት ያለው ሉሜፋንትሪን ደግሞ የልብ ምት ላይ ተጽዕኖ ሊያሳድር የሚችል መድኃኒት ነው። ሕክምናው ሦስት ቀን ብቻ ስለሆነ ግሬፕፍሩቱን መተው ቀላል ነው፤ ሉሜፋንትሪን በደንብ የሚገባው ስብ ካለበት ምግብ ጋር ስለሆነ ያኔ የሚያስፈልገው መጠጥ ወተት ነው።

ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ካርባማዜፒን በአንድ ትልቅ ብርጭቆ 40 በመቶ ያህል ይጨምራል። ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም በሚፈውሰውና በሚጎዳው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነው፤ ማዞር፣ ነገር ሁለት ሆኖ መታየትና ሲሄዱ መንገዳገድ ይከተላል። ኩላሊት የተተከለለት ሰው የሚወስዳቸው ታክሮሊመስና ሳይክሎስፖሪን ላይ ደግሞ ድርድር የለም፤ ግሬፕፍሩት ጨርሶ ይቀራል።

ለአለርጂ የሚወሰደው ፌክሶፌናዲን በተቃራኒው ይሄዳል። ግሬፕፍሩት፣ ብርቱካንና የፖም ጭማቂ ወደ አንጀት ሕዋስ የሚያስገባውን ተሸካሚ ፕሮቲን ስለሚዘጉ መድኃኒቱ ይቀንሳል፤ ሰው «ኪኒኑ አልሠራልኝም» ይላል። ይህ መዘጋት ጥቂት ሰዓት ብቻ ስለሚቆይ እዚህ ሰዓት ማራራቅ ይሠራል፤ በውኃ መዋጥና ጭማቂውን ለአራት ሰዓት ማቆየት ይበቃል።

ፋርማሲ ሲገባ የሚታየው በትልቁ የተጻፈው የንግድ ስም ሳይሆን ከሥሩ በትንሹ የተጻፈው የመድኃኒቱ ስም ነው። በየወሩ የሚሰጠው ኪኒን የሌላ ኩባንያ ሊሆን ይችላል፤ ከሥሩ ያለው ስም ካልተለወጠ ከግሬፕፍሩት ጋር ያለው ነገርም አይለወጥም። ባለፈው ወር «አቶርቫስታቲን» ይል የነበረው በዚህ ወር «ሲምቫስታቲን» ካለ ግን ኪኒኑን ከመቀበል በፊት ፋርማሲስቱን መጠየቅ ይገባል።